የጌም ዕድሜ ምልክት ሲነበብ፦ የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ

የጌም ዕድሜ ደረጃ በጌሙ ውስጥ የሚታየውና የሚሰማው ነገር ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚሆን የሚጠቁም ምልክት ነው። በካርቶኑ ጥግ ወይም ጌሙ በሚወርድበት ገጽ ላይ ይገኛል። ጌሙ ከባድ ይሁን ቀላል ግን አይናገርም። 3 የተባለ የቼዝ ጌም አዋቂውን ላብ በላብ ሊያደርገው ይችላል። 18 የተባለውን ደግሞ የ9 ዓመት ልጅ እየሳቀ ይጨርሰዋል። ቁጥሩ የሚለካው ይዘቱን ብቻ ነው።

በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ዓይነት ምልክቶች ናቸው። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ኢኤስአርቢ በፊደል ይጠቀማል፦ E ለሁሉም፣ E10+ ከ10 ዓመት፣ T ከ13፣ M ከ17 ጀምሮ፤ AO ደግሞ ለአዋቂ ብቻ። በአብዛኛው አውሮፓ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ፔጊ በቁጥር ነው፦ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18።

የ13 ዓመት ልጅ ነገር የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። T ልክ 13 ላይ ይጀምራል። ልጆቹም T ካዩ “ይሄማ የኛ ነው” ብለው ክርክሩን እዚያው ይዘጉታል። በፔጊ ግን 13 የሚባል ደረጃ የለም። 12 አለ፣ ከዚያ ዘሎ 16 ነው። በመሃል ላይ የሚወድቅ ጌም አንዱ ዘንድ T፣ ሌላው ዘንድ 16 ይባላል።

በ2016 የወጣው አንቻርትድ 4 እንዲህ ዓይነት ጌም ነው። አንድ ሀብት ፈላጊ የጠፋ የወንበዴዎች ሀብት ለማግኘት ገደል ይወጣል፣ ፍርስራሽ ውስጥ ይገባል፣ ከታጠቁ ሰዎች ጋር ይታኮሳል። ኢኤስአርቢ T አለው፣ ፔጊ 16። ያው አንድ ጌም ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ሁለቱ ከሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

ፔጊ ጥቃትን ሲመዝን አጥብቆ የሚያየው የሚጎዳው ማን እንደሆነና ምን ያህል እውነት እንደሚመስል ነው። በምናብ ፍጥረት ላይ የሚደርስ ጥቃት ትንሽ ዘርዘር ብሎ ቢታይም 12 ላይ ሊቆይ ይችላል። ሰው በሚመስል ገጸ ባሕርይ ላይ ከሆነ ግን 12 ለመባል እውነተኛ መምሰል የለበትም። ጥቃቱ በእውነተኛው ሕይወት የምናየውን ከመሰለ ወደ 16 ይሄዳል። በአንቻርትድ ተመትተው የሚወድቁት ሰዎች ናቸው፤ አወዳደቃቸውም የሰው ነው። ኢኤስአርቢ ደግሞ የደሙ መጠን፣ የስድቡ ብዛትና የትዕይንቱ ክብደት ሲደመር የት ይደርሳል ብሎ ያያል። T ውስጥ ጥቃት ይፈቀዳል። ደም ግን ጥቂት፣ ከባድ ስድብም አልፎ አልፎ ብቻ መሆን አለበት።

ስለዚህ ፊደሉን ካዩ በኋላ ከጎኑ የተጻፉትን ቃላት ማንበብ ነው። በአንቻርትድ 4 ላይ የሰፈሩት አራት ናቸው፦ “Blood”፣ “Language”፣ “Use of Alcohol and Tobacco” እና “Violence”። ደም፣ ስድብ፣ መጠጥና ሲጋራ፣ ጥቃት ማለት ነው። እዚህ ላይ የሌለውን ማየትም ይጠቅማል። “Blood and Gore” ቢሆን ኖሮ የተቆራረጠ አካል ይጠበቅ ነበር። “Strong Language” ቢሆን ስድቡ ይከብዳል። “Fantasy Violence” ቢል ደግሞ ነገሩ ከእውነተኛ ሕይወት የራቀ፣ የተረት ዓይነት ይሆናል። ከፊት “Mild” የሚል ካለ ቀለል ያለ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቃሉን ከፊደሉ ነጥሎ ሲያነብ ነው። T ስር ያለ “Violence” እና M ስር ያለ “Violence” አንድ አይደሉም፤ ቃሉ የሚመዘነው ከደረጃው ጋር ነው። ፔጊ ላይ ይህ የበለጠ ይታያል፤ ቃል ሳይሆን ሥዕል ነውና። ቡጢው ጥቃት ነው፣ ሸረሪቷ ፍርሃት። 7 አጠገብ ያለውም 16 አጠገብ ያለውም ያው ቡጢ ነው። ክብደቱን የሚነግርህ ቁጥሩ ብቻ ነው።

አራቱ ቃላት የማይበቁት ወላጅ ወደ ኢኤስአርቢ ድረ ገጽ ገብቶ የጌሙን ስም ቢጽፍ ለብዙ ጌሞች አጭር ማብራሪያ ያገኛል። በምን መሣሪያ እንደሚታኮሱ፣ ደሙ እንዴት እንደሚታይ፣ አንዳንዴም የትኞቹ ስድቦች እንደሚሰሙ በግልጽ ይጽፉታል። እንደኔ ከምልክቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህች አንድ አንቀጽ ናት። የአክሽን ፊልም ተኩስ አይቶ እንቅልፉን የሚተኛ የ13 ዓመት ልጅ አንቻርትድ 4ን መጫወቱ ብዙም አያሳስበኝም። የ7 ዓመት እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ የምታይ ከሆነ ግን ምልክቱን ለእሷም ማንበብ ሊኖርብን ነው።

ዝቅተኛ ቁጥርም ያታልላል። የእግር ኳስ ጌሙን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24ን እንይ። በ2023 ሲወጣ ፔጊ 3፣ ኢኤስአርቢ E ሰጡት። ደም የለ፣ ስድብ የለ፣ ኳስ ብቻ። የጀርመኑ መዛኝ ዩኤስኬ ግን 12 አለው። ምክንያቱ ግጥሚያው አልነበረም። በጌሙ ውስጥ እሽግ ይሸጣል፤ ገዝተው እስኪከፍቱት ድረስ የትኛው ተጫዋች እንደሚወጣ አይታወቅም። ጥሩው ካልወጣ ሌላ እሽግ ያምርዎታል። ዩኤስኬ ከ2023 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ግዢና ልጁን “አሁኑኑ” እያለ የሚገፋፋውን ነገር በዕድሜ ውሳኔው ላይ ይቆጥረዋል።

በሌሎቹ ሁለቱ ምልክት ላይ ይህ ነገር የተጻፈው ከፊደሉና ከቁጥሩ ተለይቶ ነበር። “In-Game Purchases” ካለ በጌሙ ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። “Includes Random Items” ከተጨመረበት ደግሞ የሚገዛው ዕቃ በዕጣ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ይህ መስመር ከቡጢው ሊብስ ይችላል፣ በተለይ አካውንቱ ላይ የወላጅ ካርድ ከተቀመጠ።

“Users Interact” የሚለው ደግሞ ልጁ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሊያወራ ወይም ቻት ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች የሚሉትን ማንም አልመዘነውም። መዛኞቹ “ስድብ የለበትም” ሲሉ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ያስገቡትን ንግግር ነው እንጂ ማይክ ይዞ የሚጮኸውን ሰውዬ አይደለም። ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሠሩትና በኋላ የሚጨምሩት ነገርም እንዲሁ ነው።

ከስልክ መደብር በሚወርዱ ጌሞች ላይ አንድ ነገር ይለያል። በካርቶን ለሚሸጥ ጌም አሳታሚው ከባድ ከባዱን ትዕይንት በቪዲዮ ለኢኤስአርቢ ይልካል፤ የሠለጠኑ ሰዎችም አይተው ይወስናሉ። በጉግል ፕሌይ ላይ ግን ሠሪው መጠይቅ ይሞላል፣ ከመልሱ ተነስቶ ደረጃው ወዲያው ይወጣል። አንድ ጥያቄ በስህተት ከተመለሰ ምልክቱም አብሮ ይሳሳታል። እንዲህ ያለውን ጌም ከማውረድ በፊት ሌላ ሰው ሲጫወተው የተቀረጸ ቪዲዮ ከመሃሉ ለሩብ ሰዓት ማየት ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ ልምምድ ናቸው፤ ደሙም ሽያጩም የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።