ላዕሉ አንድ፣ ታህቱ ሦስት

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን እህቴን ሳስጠናት የሁኔታዊ ፕሮባብሊቲ ጥያቄ ገጠመን። ከ50 ተማሪዎች 20ዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ፊዚክስ የሚወስዱት 30 ሲሆኑ ከእነሱ 12ቱ ሴቶች ናቸው። «በዕጣ የወጣችው ተማሪ ሴት መሆኗ ከታወቀ፣ ፊዚክስ የመውሰዷ ዕድል ስንት ነው?» ምርጫዎቹ 12/50፣ 12/20 እና 12/30 ነበሩ።

እህቴ 12/50ን አከበበች። እሱ ግን ስለ ዕጣው ምንም ሳይታወቅ፣ የወጣው ተማሪ ሴትም የፊዚክስ ተማሪም የመሆን ዕድል ነው። «ከታወቀ» የምትለው ቃል 30ዎቹን ወንዶች ከክፍሉ አስወጥታቸዋለች፤ የቀሩት 20 ናቸው። ስለዚህ መልሱ 12/20 ነው።

12/30 ትክክል የሚሆነው ጥያቄው ሲገለበጥ ነው፦ «ፊዚክስ መውሰዱ ከታወቀ፣ ሴት የመሆን ዕድል»። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ከ«ከታወቀ» ፊት ያለውን ቡድን አስምሩበት፤ ቁጥሩ ታህቱ ነው።