ቀይ ዝርዝር ምንድን ነው?

ጅማ የምትሠራ ነርስ ዘመዴ ባለፈው ሰሞን ስልኳን ይዛ መጣች። በቴሌግራም የደረሳት መልእክት እንዲህ ይላል፦ «እህቴ፣ ለእንግሊዝ ሆስፒታል ነርሶች እየመለመልን ነው። ኮስ ተዘጋጅቷል። ቅድሚያ 400 ሺህ ብር፣ ቀሪው ቪዛ ሲወጣ።» ኮስ ያለው ለቪዛ የሚያስፈልገውን የቀጣሪ የስፖንሰርነት ማረጋገጫ ነው። የሆስፒታል አርማ ያለበት የቅጥር ደብዳቤም ተያይዟል። «ደብዳቤው እውነተኛ ነው ወይ?» አለችኝ። ደብዳቤውን መመርመር እንኳ አላስፈለገንም። ለመጠርጠር «እየመለመልን ነው» የምትለዋ ቃል ብቻ በቂ ነበረች።

የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት የከፋባቸውን አገሮች በዝርዝር ያወጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው 55 አገሮችን ይዟል፤ ኢትዮጵያም አለችበት። እንግሊዝ ይህን ተከትላ በጤና ባለሙያዎች ቅጥር ደንቧ ላይ አገሮቹን «ቀይ» ብላለች። ቀይ ዝርዝር የሚባለው እሱ ነው። ትርጉሙም የእንግሊዝ ቀጣሪም ሆነ ኤጀንሲ እዚህ መጥቶ ነርስና ሐኪም መመልመል የለበትም ማለት ነው። ደንቡ የሥነ ምግባር እንጂ የወንጀል ሕግ አይደለም። ሆኖም እዚያ ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች ደንቡን ከማያከብር ኤጀንሲ ጋር እንዳይሠሩ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢትዮጵያዊት ነርስ እንግሊዝ ሄዳ መሥራት አትችልም ማለት አይደለም። የተከለከለው ምልመላው ነው። ራሷ የወጣ ማስታወቂያ አይታ፣ ያለ ሦስተኛ ወገን፣ በቀጥታ ለቀጣሪው ብታመለክት ደንቡ ይፈቅድላታል። ስለዚህ ሕጋዊው መንገድ በመሠረቱ ደላላ የለውም።

መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ የእንግሊዝ የነርሶች መዝጋቢ አካል ይመዝናታል። በአይኤልትስ አካዳሚክ በንባብ፣ በማዳመጥና በንግግር 7፣ በጽሑፍ 6.5 ያስፈልጋታል። ቀጥሎ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና አለ፤ ስሌትና የነርሲንግ ዕውቀት ይጠየቃል። የተግባር ፈተናው እዚያው እንግሊዝ ነው። የፈተናና የምዝገባ ክፍያ ከኪሷ ሊወጣ ይችላል። ልዩነቱ ለፈታኙና ለመዝጋቢው በስሟ የምትከፍለው መሆኑ ነው።

ኮስስ? ኮስ ቀጣሪው በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲስተም ውስጥ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ የታወቀ ሥራ የሚሰጠው ቁጥር ነው። የሚሰጠው የስፖንሰር ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ብቻ ነው፤ የቀጣሪዎቹ ዝርዝርም gov.uk ላይ በነፃ ይታያል። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ቀጣሪው የኮሱን ክፍያ በሠራተኛው ላይ እንዳይጭን ተከልክሏል። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ሌላ ነው። «የኮስ ዋጋ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን የማይሸጥ ነገር እየሸጠ ነው። አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ለዚያ ሥራ ከውጭ አዲስ ሰው ማምጣት ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እውነተኛ ኮስ ተሽጦ የሚገኝበት ጉዳይ ነው። ድርጅቱ ፈቃድ አለው፣ ቪዛውም ይወጣል። ሰውዬው ሲደርስ ግን የሚሠራው ሰዓት የለም። ተበድሮ ከፍሎ የሄደ ሰው ደግሞ ዝም ይላል፤ ቪዛው በቀጣሪው እጅ ነውና ደፍሮ አይከራከርም። የድርጅቱ ፈቃድ ቢሰረዝ ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የቀጣሪው ስም ዝርዝሩ ላይ መገኘቱ ብቻውን አያስተማምንም። ውሉ ላይ የሳምንቱ ሰዓትና ደመወዙ መጻፍ አለበት። በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ያደረገላትም የሥራ ክፍሉ ሰው መሆን አለበት። አንድም የነርሲንግ ጥያቄ ሳይጠየቁ መቀጠር የለም።

ጀርመን ብትልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እዚያ እንዲያውም በሕግ ነው የተከለከለው፦ በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ካሉ አገሮች የጤና ባለሙያ መመልመል የሚችለው የጀርመን ፌዴራል የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። የቋንቋ ፈተናውንና የዲፕሎማ ዕውቅናውን ራሷ መጀመር ትችላለች።

ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሚላከው ግን በሌላ ሕግ ነው። በአዋጅ 923/2008 መሠረት እዚያ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መኖሩ ሕጋዊ ነው። የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ የሚችለው አሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋ እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያሉትን ትሸፍናለች። ደላሎች ሁለቱን መንገድ ያደባልቃሉ። «ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ አለን» ይላሉ። ፈቃዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለእንግሊዝ ሆስፒታል ነርስ ለመመልመል ግን አይሆንም።

ዘመዴ ለላኪው አንድ ጥያቄ ጻፈችለት፦ «የሆስፒታሉን ማስታወቂያ ሊንክ ላክልኝ፣ ራሴ ላመልክት።» «በራስሽ አይሆንም፣ በኛ በኩል ብቻ ነው» አላት።