የባክቴሪያን ፕሮቲን ምርት የሚያስቆሙ አንቲባዮቲኮች የእኛን ለምን ይተዉታል?

ራይቦዞም በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚገጣጥመው ክፍል ነው። ባክቴሪያም አለው፣ እኛም አለን። ጄንታማይሲን፣ አዚትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ሦስቱም የባክቴሪያውን ራይቦዞም ይዘው ሥራውን ያበላሻሉ። የእኛን ግን በአብዛኛው አይነኩም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ በራይቦዞም መጠን መለኪያ የባክቴሪያው 70ኤስ፣ የእኛ ደግሞ 80ኤስ ስለሆነ ነው የሚል ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን አያስረዳም። መድኃኒቱ የሚያርፈው ራይቦዞሙ ውስጥ ባለች ጠባብ ኪስ ነው። ወሳኙም ኪሷ የተሠራችበት አር ኤን ኤ ነው፤ እሱም እንደ አዴኒንና ጉዋኒን ያሉ ኬሚካላዊ ፊደላት የተደረደሩበት ሰንሰለት ነው።

ጄንታማይሲንን እንውሰድ፤ ከአሚኖግላይኮሳይዶች ወገን ነው። የሚቀመጠው በትንሹ የራይቦዞም ክፍል፣ የዘረመል መልእክቱ በትክክል መነበቡ በሚጣራበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ 1408ኛው ፊደል በባክቴሪያ አዴኒን ነው፤ በእኛ ጉዋኒን። አዴኒን ሲሆን መድኃኒቱ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ራይቦዞሙ የተሳሳተ አሚኖ አሲድ መቀበል ይጀምራል፤ የተበላሹ ፕሮቲኖች ይከማቻሉ፤ ባክቴሪያውም ይሞታል። ጉዋኒን ሲሆን አያያዙ ይላላል። ይህችን አዴኒን ወደ ጉዋኒን የቀየረ ባክቴሪያ ጄንታማይሲንን በከፍተኛ ደረጃ ይቋቋማል።

አዚትሮማይሲን የሚመደብባቸው ማክሮላይዶችም ያው ታሪክ አላቸው። የሚያርፉት በትልቁ ክፍል፣ አዲሱ ፕሮቲን በሚወጣበት ዋሻ ውስጥ ነው። እዚያም 2058ኛዋ ፊደል በባክቴሪያ አዴኒን፣ በእኛ ጉዋኒን ናት።

የዶክሲሳይክሊን ወገን የሆነው ቴትራሳይክሊን ግን ይለያል። በላቦራቶሪ፣ መጠኑ ከፍ ሲል፣ የእኛንም ራይቦዞም ያስቆማል። የሚያድነን በዋናነት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ወደ ውስጡ ስቦ ማከማቸቱ ነው፤ የእኛ ሕዋስ እንዲህ አያከማችም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። በሕዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል፣ ሚቶኮንድሪያ፣ የጥንት ባክቴሪያ ዘር ነው። የራሱ ራይቦዞም አለው፤ ጄንታማይሲን በሚያርፍበት ቦታ ያለውም ፊደል እንደ ባክቴሪያው አዴኒን ነው። በአብዛኛው ሰው የሚከላከለው አጠገቡ ያለው የአር ኤን ኤ ቅርጽ ከባክቴሪያው መለየቱ ነው። አንዳንድ ሰዎች ግን በሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ 1555ኛ ቦታ ላይ በአዴኒን ፋንታ ጉዋኒን ይዘው ይወለዳሉ። ይህች አንዲት ለውጥ ኪሷን ከባክቴሪያው ጋር ታመሳስላታለች።

እንዲህ ያለ ሰው ጄንታማይሲን ቢወጋ፣ በተለመደው መጠንም ቢሆን፣ የውስጥ ጆሮው የስሜት ሕዋሳት ሊሞቱ ይችላሉ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው አይተኩም፤ ስለዚህ የጠፋው መስማት አይመለስም። ለውጡ ለሌለው ሰውም መጠኑ ሲበዛ ወይም ሕክምናው ሲረዝም ጆሮና ኩላሊት ይጎዳሉ። በደም ውስጥ ያለውን መጠን መለካት ለዚህኛው አደጋ ይረዳል። ለውጡን ለያዘ ሰው ግን ልኬቱ ልክ መሆኑ ዋስትና አይሆንም።

ሚቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌው ከመታዘዙ በፊት በእናት ወገን፣ በተለይ ከመድኃኒት በኋላ፣ መስማት ያቆመ ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።