የፒች ቅደም ተከተል ምንድን ነው?

ፒች ማለት የጀማሪ ድርጅት መሥራቾች ሥራቸውን ለባለሀብት አስረድተው ገንዘብ የሚጠይቁበት አጭር ገለጻ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚመራው በአንድ ደንብ ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል ከእሱ በፊት ያለው በአድማጩ ልብ ውስጥ የጫረውን ጥያቄ ይመልሳል።

ለምሳሌ ከጣና አስጋሪዎች ቆሮሶና አምባዛ ተረክቦ፣ በበረዶ ይዞ ለባሕር ዳር ምግብ ቤቶች የሚያደርስ፣ ትእዛዝ በቴሌግራም የሚቀበል ድርጅት አለ እንበል። ሥራ ከጀመረ አራት ወሩ ነው።

ብዙዎች በኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ይጀምራሉ። አድማጩ ግን ምን እንደሚሸጥ ገና አላወቀም፤ ቁጥሩ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። መጀመሪያ ድርጅቱ የሚሠራው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ ቀጥሎ ችግሩ፦ ዓሣው ጠዋት ወጥቶ ምግብ ቤት እስኪደርስ ይበላሻል። ከዚያ የቴሌግራሙ ትእዛዝ ራሱ ይታይ። ለዚህ ሁሉ ሦስት ስላይድ ይበቃል።

አሁን አድማጩ «ሰው ገዛው ወይ?» ይላል። ምርቱ ገና ጅምር ሲሆን ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ስለዚህ አራተኛው ላይ ይቀመጥ። 14 ምግብ ቤቶች ሞክረው 9ኙ በየሳምንቱ አዝዘዋል እንበል። ነገር ግን ወራቱ ዐቢይ ጾምን ከነኩ፣ በጾም የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ የሚያውቅ ባለሀብት ወዲያው ይጠይቃል። ከፋሲካ በኋላ የቀሩት 6 ከሆኑ፣ 6ቱ እዚያው ስላይድ ላይ ይጻፉ፤ ቀጣዩ ስሌትም በእነሱ ይሁን። ይህ ቁጥር መጨረሻ ላይ ከወጣ፣ የተደበቀ ይመስልና የቀደመውን ሁሉ ያጠራጥራል።

ቀጥሎ ገቢው፦ እያንዳንዱ በሳምንት 20 ኪሎ ቢወስድና ከኪሎ 25 ብር ቢተርፍ፣ 6ቱ 3,000 ብር ይሰጣሉ። ገበያው ከዚሁ ይሰላል፤ ዓሣ የሚያቀርቡ ቤቶች በእግር ተዞሮ ተቆጥረው 60 ቢሆኑ፣ በሳምንት 30,000 ብር ነው። ትንሽ ነው፤ ግን የታመነ ነው፣ «ከዚያስ ወዴት?» የሚለውንም ይወልዳል። መልሱ፣ ለምሳሌ ጎንደር፣ ጥያቄው የሚነሣበት እዚህ ጋ ይግባ።

ተፎካካሪ ሌላ መተግበሪያ ብቻ አይደለም፤ ምግብ ቤቱ በስልክ የሚጠራው አስጋሪም ነው። ከእሱ የሚለየው ምን እንደሆነ ከተነገረ በኋላ መሥራቾቹ ይቅረቡ። ገና ደንበኛ ከሌለ ግን መሥራቾቹ ወደ አራተኛው ቦታ ይምጡ፤ ያኔ ያለው ማስረጃ እነሱ ናቸውና።

የገንዘብ ጥያቄው መጨረሻ ላይ ነው፦ ስንት ብር፣ ለስንት ወር፣ በምን ላይ እንደሚውል፣ ሲያልቅ ስንት ቋሚ ደንበኛ እንደሚኖር።

ቅደም ተከተሉን ለመፈተን ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስላይዶቹን አንድ በአንድ አሳዩት፤ ከእያንዳንዱ በኋላም የመጣለትን ጥያቄ ይናገር። መልሱ ከሁለት ስላይድ በላይ ርቆ ከተገኘ፣ መልሱ ያለበት ስላይድ ወደ ጥያቄው ቀርቦ ቀደም ብሎ ይምጣ።