«ጾመህ ና» ማለት ምን ማለት ነው?

ደሴ ውስጥ ሰመመን መስጠት ሥራዬ ነው። ለኦፕራሲዮን የተቀጠረን ሰው «ጾመህ ና» ብሎ መሸኘት እኛ ጋ የተለመደ ነው። ቃሉ ቀላል ይመስላል። ወሎ ላይ ግን ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው።

ሮመዳንና ሁዳዴ የተገጣጠሙ ሰሞን ነው። ከሐይቅ በኩል አንድ አባት ቡአ ሊያሠሩ መጡ። ኦፕራሲዮኑ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

«ጾመዋል አባቴ?»

«አልሐምዱሊላህ!»

«መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?»

«ለሱሁር ነዋ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገንፎ በቅቤ።»

ከእሳቸው ቀጥለው የገቡት እናትም «ሁዳዴ አይደል እንዴ!» አሉኝ። ለመንገድ ብለው ንጋት ላይ ሽሮ በእንጀራ ቀምሰዋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ጾመኛ ናቸው። ለእኔ ግን ሁለቱም ሆዳቸው ሙሉ ነው። ቀጠሯቸው ተዛወረ።

ይህን ስናገር አንድ አስተያየት ሰጪ «ያልተማረ ሰው መመሪያ አይሰማም፤ ከዋዜማው ምሳ ጀምሮ ውሃም እንዳይቀምስ ማድረግ ነው» አለኝ። ወንድሜ፣ ሰዎቹ በደንብ ሰምተዋል። የተሳሳተ ቃል የሰጠናቸው እኛ ነን። የውሃውን ነገር ደግሞ እመለስበታለሁ።

ሆድን እንደ ጀበና አስቡት። አፉ ላይ ውታፍ አለ። ነቅተን ሳለን ውታፉ ይይዛል፤ ትንሽ ቢያመልጥ እንኳ ሳል ይመልሰዋል። እኔ ሰመመን ስሰጥ ውታፉን እነቅላለሁ፣ ሳሉንም አጠፋለሁ። ከዚያ ጀበናውን አጋድመዋለሁ። ውስጡ ያለው ቢፈስ ሲኒ አያገኝም፤ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው። አተላው የአየር ቧንቧ ይዘጋል፤ የሆድ አሲዱ ደግሞ ሳንባን ያቃጥላል። ሰው ይሞትበታል።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ጀበና ከታች ቀዳዳ የለውም፤ ሆድ አለው። ውሃ በዚያ ቶሎ ያልፋል፣ 2 ሰዓት ይበቃዋል። እህል 6 ሰዓት ይፈልጋል። ቅቤና ጥብስ የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት። ወተት ፈሳሽ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ሆድ ውስጥ ይረጋል፣ እንደ እህል 6 ሰዓት ይቆጠራል። የእናት ጡት ብቻ 4 ሰዓት ነው።

አሁን የአባትን ሰዓት ወደኋላ እንቁጠር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 8 ሲቀነስ ሌሊት 7 ሰዓት ይሆናል። እሳቸው የበሉት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ውሃ ግን እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይፈቀድላቸው ነበር። ያ አስተያየት ሰጪ እንዳለው ውሃ የከለከልነው ሰው ደርቆ ይመጣል፤ ደም ሥሩም አልገኝ ይላል። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል።

ሌላው የሚያናድደኝ ወረቀቱ ነው። «ከ6 ሰዓት በኋላ ምንም አይብሉ» ይላል። የቱ 6 ሰዓት? የሌሊቱ? የቀኑ? ወይስ የፈረንጁ፣ እኛ 12 የምንለው? ከሥሩ ደግሞ «ንጹሕ ፈሳሽ ይቻላል» ይላል። የፈላ ወተት ለማንም እናት ንጹሕ ነው! ለማለት የተፈለገው ብርጭቆ ውስጥ ጣትን የሚያሳይ ፈሳሽ ነው። ጥቁር ቡናም ወተትና አተላ ከሌለው ጣት ባያሳይም ይፈቀዳል፤ ግን ቡና ያለ ቡና ቁርስ ማን ይጠጣል? ቆሎው እህል ነው። ስለዚህ እኔ «ውሃ ብቻ» እላለሁ።

ማንበብ ለማይችል ሰው እንዲህ ነው የምለው፦ «ማታ እራትዎን ይብሉ። ከዚያ በኋላ እህልም ወተትም የለም፤ ሱሁርም ሽሮም እህል ነው። ውሃ ፀሐይ እስክትወጣ ይቻላል።» ይህ ለጠዋት ተረኛ ነው። ተራ ወደፊት ሊመጣ ስለሚችል ውሃውን ትንሽ ቀደም አድርጌ አቆመዋለሁ። ከዚያ «ገባዎት?» አልልም። ሁሉም «አዎ» ይላላ። «ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሩታል?» እላለሁ። ስህተቱ እዚያ ላይ ይወጣል።

ሳልጠየቅ ልጨምር። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ እንደ ልማዱ እንዳይወስድ፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ይጠይቅ። የቃመም አይደብቀኝ፤ ጫት ልብንም ሆድንም ይነካል። እጅ ላይ ያለ እንሶስላ አያስከለክልም፣ ግን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጣት ላይ ስለሚደረግ ጥፍር ባይቀባ ይሻለኛል።

አባት ከዒድ በኋላ ተመልሰው መጡ። «ጾመዋል?» አላልኳቸውም።

«መጨረሻ የበሉት?»

«ማታ፣ ከኢሻ በኋላ።»

«የጠጡትስ?»

«ፀሐይ ሳትወጣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ቡናውን እንኳ ሸሽቼ ነው የመጣሁ።»