የቃለ መጠይቅ ቀን ማስለወጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የምኖረው ኮዬ ፈቼ ኮንዶሚኒየም ነው። መስከረም 29 ቀን 2018፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ለሒሳብ ሠራተኛነት ያመለከትኩበት ቦሌ አካባቢ ያለ ድርጅት ነበር። "ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ይምጡ" አሉኝ። ደንግጬ "እሺ" አልኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ሰኞ አባቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና አለው። ያንን ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ጠብቀናል። ይዤው የምሄደው ደግሞ እኔ ነኝ።

ማታ ጎረቤቶቼንና ጓደኞቼን አማከርኩ። ሁሉም ከልባቸው ነው የመከሩኝ። ግን አብዛኛው ምክር የሚጎዳ ነበር። የሰማሁትን እንደሰማሁት ላስቀምጠው።

"ቀን ይቀየርልኝ ካልክ ስምህን ይሰርዙታል።"

ዋናው ጉዳይ የምትጠይቁበት ሰዓት ነው። ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከሰው ኃይል፣ አንዱ የክፍሉ ኃላፊ፣ አንዳንዴም ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ባለሙያ ይጨመራል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ነው አንድ ላይ የሚቀመጡት። የሚያናድዳቸው ሰዓቱ ደርሶ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው። ቀደም ብሎ ከተነገራቸው ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ተወዳዳሪ ያስገባሉ።

ስለዚህ የሰኞ ቀጠሮ ሐሙስ ከሰዓት ሲነገራችሁ ያላችሁ ጊዜ ከምታስቡት ያነሰ ነው። እኔ የቀረኝ አርብ ብቻ ነበር። አርብ ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤት ከ5:30 እስከ 7:30 ምሳና የጁምዓ ሶላት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አጭር ነው፣ ኃላፊዎችም በቀላሉ አይገኙም። ቅዳሜና እሁድ ብደውል ማንም ላያነሳ ይችላል። አርብ ጠዋት 3:30 ላይ ደወልኩ። 2:30 ላይ ያልደወልኩት ሰው ገና ቢሮ እየገባ ስለሆነ ነው።

ከመደወላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ጉዳዩ በእውነት የማይንቀሳቀስ ነው? የእድር ተራ ከጎረቤት ጋር ይቀያየራል። የኮንዶሚኒየሙ ስብሰባም ያለ እናንተ ይካሄዳል። ለእንዲህ ያለ ነገር ቃለ መጠይቅ አይነካም። የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ፈተና፣ የቅርብ ሰው ቀብር፣ የቀዶ ጥገና ቀን ግን ሌላ ናቸው። ፍርድ ቤት ብትቀሩ ጉዳያችሁ በሌላችሁበት ሊታይ ይችላል። ይህን የማይረዳ ቀጣሪ ብዙም አይገጥማችሁም።

የመንገድ ርቀት ግን ምክንያት አይሆንም። ከኮዬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከሰበታ መምጣታችን እኛው የምናውቀውና አስቀድመን የምናሰላው ነገር ነው።

"ታምሜያለሁ በል። ከዚያ በላይ ማን ይጠይቅሃል?"

ይጠይቃሉ። የቃለ መጠይቁ ዕለት በር ላይ የምትቀበላችሁ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቃሏ "አሁን ተሻለዎት?" ነው። ያኔ ገና ሳትቀመጡ ሁለተኛ ውሸት መጨመር ሊኖርባችሁ ነው።

ከዚህም የከፋ ችግር አለው። የታመመ ሰው መቼ እንደሚድን አያውቅም። ስለዚህ "ረቡዕ መምጣት እችላለሁ" ብላችሁ በእርግጠኝነት መናገር አትችሉም። እውነተኛው ጉዳይ ግን ማለቂያው ይታወቃል። ማለቂያው ስለሚታወቅ ነው ቀን መስጠት የምትችሉት።

እውነቱን መናገር ማለት ግን ሁሉንም መዘርዘር አይደለም። "አባቴን ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል የምወስድበት ቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ አለ" ካልኩ በቂ ነው። ወራት መጠበቃችንን፣ አባቴ በግራ ዓይኑ ከአራት ወር ወዲህ ጭላንጭል ብቻ እንደሚያይ መተረክ አያስፈልግም። ነገሩ ሲረዝም እንደ ልመና ይመስላል። የሚጋጨው ሌላ ቃለ መጠይቅ ከሆነ ደግሞ "ቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ አለኝ" ብቻ በሉ። ይህም እውነት ነው። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ የመናገር ግዴታ የለባችሁም።

"ጨዋነት ማለት 'እናንተ በሚመቻችሁ ቀን እመጣለሁ' ማለት ነው።"

አነጋገሩ ጨዋ ይመስላል። ግን ሥራውን ሁሉ ለእነሱ ያስረክባል። ደዋይዋ የሦስት ሰው ቀን ስታገጣጥም ትውልና መልሳ ትደውልላችኋለች። ያገኘችው ቀን ደግሞ ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ "ይቀየርልኝ" ማለት ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ሁለት ቀን ራሳችሁ አቅርቡ፣ ሰዓቱንም ሰፋ አድርጉት።

እኔ እዚህ ላይ ልሳሳት ነበር። ሰኞ ቀዶ ጥገና ከሆነ ማክሰኞ እችላለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ታላቅ እህቴ ናት ያነቃችኝ። የሞራ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ዓይኑ ተሸፍኖ ወደ ቤት ይሄዳል። በማግስቱ ሽፋኑ ተነስቶ ለመታየት ይመለሳል። አባቴ ብቻውን ታክሲ አይሳፈርም። ማክሰኞም ተያዘ ማለት ነው። ጉዳያችሁ ጭራ እንዳለው ሳታዩ ቀን አታቅርቡ። ቀብር ሠልስት አለው። ፍርድ ቤትም ለማግስቱ ሊቀጥር ይችላል።

ጉዳያችሁ ግማሽ ቀን ብቻ የሚወስድ ከሆነ ግን መጀመሪያ የዚያኑ ቀን ሌላ ሰዓት ጠይቁ። ሰዎቹ ለማንኛውም ያን ቀን ተሰብስበዋል። ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ማቀያየር ለእነሱ አዲስ ቀን ከመፈለግ ይቀላል።

ንግግራችን እንዲህ ነበር። ስሜን ተናገርኩና ቀጠልኩ።

"ትናንት ለሰኞ 3 ሰዓት ለሒሳብ ሠራተኛነት ቃለ መጠይቅ ጠርታችሁኛል። ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ሰኞ አባቴን ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል የምወስድበት ቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ አለ። ማክሰኞም ለምርመራ እንመለሳለን። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ በየትኛውም ሰዓት መምጣት እችላለሁ። ይዛወርልኝ እንደሆነ ልጠይቅዎ ነው።"

"እግዚአብሔር ይማርልዎ። ኃላፊውን ጠይቄ ልደውልልዎ።"

"አመሰግናለሁ። እስከ 8 ሰዓት ካልተደዋወልን እኔ ብደውል ይረብሽዎታል?"

"ኧረ ይደውሉ።"

አልደወለችም። 8 ሰዓት ላይ እኔ ደወልኩ። ረስታው ነበር። እዚያው ስልክ ላይ እያለሁ ጠይቃ "ረቡዕ 4 ሰዓት" አለችኝ። ያቺን የ8 ሰዓት ጥያቄ ባላስገባ ኖሮ ሰኞ ድረስ ስልኬን እያየሁ እቀመጥ ነበር። "ከ4 ሰዓት በኋላ" ያልኩትም በምክንያት ነው። ከኮዬ ቦሌ በጠዋቱ ሰልፍ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ቢከለክሉኝስ? አቃቂ ያለችው አክስቴ አባቴን ልትወስድልኝ ተስማምታ ነበር። ይህን ግን መጀመሪያ አልተናገርኩም። "ካልሆነም ሰኞ እመጣለሁ" ብላችሁ ከጀመራችሁ ሰሚው ጉዳዩ ያን ያህል አልነበረም ብሎ ያስባል። "አይቻልም" ከተባላችሁ በኋላ "እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጌ ሰኞ እገኛለሁ" ማለት ይቻላል።

"በስልክ ከተስማማን በቃ፣ ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል?"

በእኛ አገር በተለይ ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ነው የምንጠቀመው። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጅ 9 ሰዓት ነው። የእኛ ከሰዓት 9 ሰዓት ደግሞ በፈረንጅ 3 ሰዓት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ይገለባበጣሉ፣ ሁለቱም ደግሞ የሥራ ሰዓት ናቸው። የውጭ ሰው ያለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ "በ3" ከተባለ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ቀን ስም፣ የእኛን ቀን፣ የፈረንጁን ቀን፣ ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል።

የላክሁት ይህ ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ። ቃለ መጠይቁ ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2018 (ኦክቶበር 15)፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በፈረንጅ ከጠዋቱ 10 ሰዓት) እንዲሆን ዛሬ በስልክ ተነጋግረናል። ከሰኞ ስለተዛወረልኝ አመሰግናለሁ። ልክ ካልሆነ እባክዎ ያሳውቁኝ።" ከሥሩ ሙሉ ስሜንና የሥራ መደቡን አስገባሁ።

ቀኑ መጀመሪያ ላይ የገባው በምክንያት ነው። በአማርኛ ፊደል የሚጻፍ የስልክ መልእክት 70 ፊደል ካለፈ ይከፋፈላል። በአንዳንድ ስልክ ተቆራርጦ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚነበበው ዋናው ነገር ይሁን። የጠሯችሁ በኢሜይል ከሆነ እዚያው ኢሜይል ላይ መልሱ፣ አዲስ አትጀምሩ። ከዚህ በፊት የተጻጻፋችሁት ሁሉ ከሥሩ ይታያቸዋል።

ቴክስት ብቻ ልኮ ዝም ማለት ግን አይበቃም። መልስ እስካልመጣ ድረስ የድሮው ቀጠሮ እንደጸና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደውላችሁ ካልተነሳ ጽሑፉን ላኩ፣ ከዚያም እንደገና ደውሉ።

"የጽሑፍ ፈተናም ቢሆን ተጠይቆ ይዛወራል።"

ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። የጽሑፍ ፈተና ለሁሉም ተወዳዳሪ በአንድ ሰዓት አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ዘግይቶ ቢፈተን ጥያቄው ወጥቷል ይባላል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ቅሬታ ያስነሳል። ብዙ ማስታወቂያ ላይም በቀኑ ያልተገኘ ተወዳዳሪ ከውድድሩ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይጻፋል። ስለዚህ ሲደወልላችሁ "ፈተና ነው ወይስ ቃለ መጠይቅ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፈተና ከሆነ የእናንተን ጉዳይ የሚሸፍን ሰው ፈልጉ። ፈተናውን ጨርሳችሁ ስትወጡ ቃለ መጠይቁ መቼ እንደሚሆን እዚያው ጠይቁ። የማይመቻችሁ ቀን ካለ ዝርዝሩ ሳይለጠፍ ያኔውኑ ተናገሩ።