የድሮ ቆርቆሮ ጣሪያ ምርመራ፦ በመሀል አዲስ አበባ ቤት ከመግዛት በፊት

በመሀል አዲስ አበባ "የድሮ ቤት" ሲባል ብዙ ጊዜ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ፣ በፒያሳ ዙሪያና በሠራተኛ ሰፈር ከመልሶ ማልማት የተረፉ እንዲህ ያሉ ቤቶች ዛሬም ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ገዢ ካርታውን ያያል፣ የግቢውን ስፋት ይለካል፣ መኪና ይገባ እንደሆነ ይጠይቃል። ጣሪያውን ግን ከግቢ ሆኖ ቀና ብሎ አይቶት ያልፋል። ይህ ዳሰሳ ጣሪያው ላይ የሚታዩ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፦ መርገብን፣ የእንጨት መበስበስንና የማሸጊያ መክዳትን። ምሳሌ የሚሆነን ዘመዴ ሊገዛው አስቦ በየካቲት ወር ከአንድ አንጋፋ አናጺ ጋር ያየነው የሠራተኛ ሰፈር ቤት ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ነው። ከኋላው ሰርቪስ ቤት ተለጥፎበታል።

ከሁሉ በፊት ቦታው በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ወረዳና ክፍለ ከተማ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሊፈርስ የታቀደ ቤት ጣሪያው ቢመረመር ትርፉ ድካም ነው።

ጣሪያዎቹ ከምን ተሠሩ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤቶቿ የሣር ክዳን ነበሩ። ቆርቆሮ መጀመሪያ የገባው ከባሕር ጠረፍ በጋማ ከብትና በግመል ተጭኖ ስለነበር የመኳንንትና የነጋዴ ቤት ምልክት ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ቆርቆሮ ወደ ተራው ሰፈር ወረደ። እንጨቱም ተለወጠ። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ቤቶች በአብዛኛው የሀገር ጥድ ናቸው። ጥድ ዘይታማ ነው፣ ምስጥ አይደፍረውም። የአራዳ አሮጌ ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ የቆሙት በጥዳቸውና በሠሯቸው አናጺዎች እጅ ነው፤ ይህን ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ከተማዋን ከከበበ በኋላ ግን ወራጁም ማገሩም ባሕር ዛፍ ሆነ። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ያድጋል። ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ የውጭ አካሉንም ነቀዝና ምስጥ ይወዱታል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በመጋዝ የተሰነጠቀ ሞራሌ ተስፋፋ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የብዙዎቹ ጥገና ቀረ፤ የዛሬው የመሀል ከተማ ጣሪያ ችግር ትልቁ ድርሻ የዚያ ዘመን ውዝፍ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "እንጨቱ ምንድን ነው?" የሚል ነው። ወራጁ በካቻቪቴ ጫፍ ትንሽ ሲፋቅ ጥድ ቀላ ያለ ሆኖ ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል። የሠራተኛ ሰፈሩ ቤት ወራጆች ሁሉም ባሕር ዛፍ ነበሩ፣ ያልተጠረቡ ድቡልቡል አጠናዎች።

መርገብ

መርገብ መጀመሪያ የሚታየው ከሩቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የጣሪያውን አናት በስልክ ፎቶ ማንሳትና ፎቶው ላይ ቀጥ ያለ ወረቀት መደርደር በቂ ነው። ዓይን የሚሸሸው ጉብጠት እዚያ ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። የአንድን ወራጅ መርገብ ለመለካት በሁለቱ ጫፎቹ ሥር ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ እንጨት ይያዝና ሲባጎ ይወጠራል። መሀል ላይ ከሲባጎው እስከ ወራጁ ያለው ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወራጁ ቀጥ ያለ ነው። 3 ከሆነ 2 ሳንቲ ሜትር ረግቧል ማለት ነው። ለ4 ሜትር ወራጅ 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሚታለፍ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አጠና ከጫካ ሲመጣም ጠማማ ነው። ጠማማ ወራጅ ሁሉ የረገበ ወራጅ አይደለም። መለያው ቆርቆሮው ነው። ጠማማነቱ ከመጀመሪያው ከሆነ ማገሩና ቆርቆሮው እላዩ ላይ ተመቻችተው ተቀምጠዋል፣ ሚስማሩም አልተነቃነቀም። በኋላ የረገበ ከሆነ ግን ሚስማሩ ተስቦ ወጥቷል፣ በማገሩና በቆርቆሮው መካከልም ክፍተት አለ። ደግሞ ጣሪያው ሁሉ በዝግታና እኩል ከረገበ የዕድሜና የክብደት ነገር ነው። አንድ ቦታ ብቻ ድንገት ከሰረጎደ ግን እዚያ የተሰበረ ወይም የበሰበሰ እንጨት አለ።

ግድግዳውንም በቱንቢ ማየት ይገባል። ሁለቱን ግድግዳዎች የሚያስተሳስረው አግዳሚ እንጨት ከተቆረጠ (ኮርኒስ ከፍ ለማድረግ ብለው የሚቆርጡት አሉ) ወራጆቹ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፉታል። እንዲህ ያለ ቤት ቆርቆሮ በመቀየር አይድንም።

እኛ ያየነው ቤት አናቱ ቀጥ ያለ ነበር። ከኋላ በኩል፣ ሰርቪስ ቤቱ ካለበት ወገን፣ 3 ሜትር ያህል ቦታ ላይ ግን ቆርቆሮው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጉዷል።

መበስበስ

እንጨት የሚበሰብሰው በዕድሜ ሳይሆን በእርጥበት ነው። የሚያበሰብሰው ሻጋታ ሥራ የሚጀምረው በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከክብደቱ 20 በመቶ ካለፈ በኋላ ነው። ደረቅ ሆኖ የኖረ አጠና ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ወራጁን ሁሉ መፈተሽ አያስፈልግም፤ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ መፈተሽ ይበቃል። እሱም የወራጁ እግር ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት፣ ከአሸንዳው ጀርባ ያለው ጣውላና ሁለት ጣሪያ ወይም ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ነው።

ፈተናው በካቻቪቴ ነው። ጫፉ እንጨቱ ላይ ተደግፎ በእጅ ኃይል ብቻ ይገፋል። ጤነኛ እንጨት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አስገብቶ ይመልሳል። አንድ ሳንቲ ሜትር ከገባ በስብሷል። ከዚያ ትንሽ ይፈነቀላል። ጤነኛው ረጅም ስንጥር ሆኖ ይነሳል፣ የበሰበሰው ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ቁርስርስ ይላል።

ነቀዝና ምስጥ የተለያዩ ናቸው። ነቀዝ ወራጁ ሲመታ ዱቄት ያራግፋል። ዱቄቱ ነጣ ያለና ትኩስ ከሆነ ነቀዙ አሁንም እየበላ ነው። ምስጥ ግን ከጭቃ ግድግዳው ተነስቶ በአፈር የተሠራ ቀጭን መተላለፊያ ይዘረጋል፣ ውስጡን በልቶ ቆዳውን ይተወዋል። በድሮ ቤቶች ወራጁ በጥላሸት ጠቁሮ ይገኛል። አናጺዎች ጭስ እንጨት ይጠብቃል ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥላሸት ብስባሽንም ስለሚሸፍን የጠቆረ እንጨት ሁሉ በካቻቪቴ መነካት አለበት።

በዚያ ቤት በኋላው ወገን 11 ወራጆች ነበሩ። አራቱ ከግድግዳው በላይ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ካቻቪቴውን እስከ እጀታው ዋጡት።

ማሸጊያ

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ከዋናው ጣሪያ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ መሰላል ዘርግተን ወጣን። መጀመሪያ በሲሚንቶ ተመርጎ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ሬንጅ ተቀብቷል። ሬንጁ ላይ ደግሞ ነጭ ሲሊኮን ተስቧል። አናጺው ሦስቱን በጣቱ እየነካ "ይሄ ሦስት ክረምት ነው" አለ። ማሸጊያ ሲደራረብ ማየት ፍሳሹ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ማንበብ ነው።

ሦስቱም በየራሳቸው ምክንያት ይከዳሉ። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ በብርድ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አይለጠጥም፣ ስለዚህ ይላቀቃል። ሬንጅ የአዲስ አበባ ብርቱ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል። ሲሊኮን መልካም ነገር ነው፣ ነገር ግን ዝገትና አቧራ ላይ ከተቀባ አይይዝም። ጠርዙ በጥፍር ሲነሳ እንደ ላስቲክ ተገፎ ከመጣ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል።

የሚስማሩ ራስም እንዲሁ ይታያል። ሚስማር የሚመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ የሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ከሥሩ ያለው ጎማ ከደረቀና ከተሰባበረ ቀዳዳው ክፍት ነው። ቀን ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ መብራት ማጥፋት ነው፤ ብርሃን የገባበት ሁሉ ውሃም ይገባበታል።

በበጋ የሚገዛ ሰው ዝናብን መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ በጎማ ቱቦ ውሃ ይለቀቃል። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል፣ እያንዳንዱ ቦታ 10 ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ያዳርስና የትኛው እንዳፈሰሰ አይለይም። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይጠብቃል። ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት አይደለም። ውሃ ወራጁን ተከትሎ ሄዶ ነው የሚወድቀው። በዚያ ቤት ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ ምልክት ከክፍተቱ አንድ ሜትር ተኩል ይርቅ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ቆርቆሮ ከውስጥ ያልበዋል። ጠብታው ጣሪያውን ሁሉ ካዳረሰና ፀሐይ ስትሞቅ ከቆመ ፍሳሽ አይደለም።

የዚያ ቤት ፍጻሜ

አናጺው ቆርቆሮውን ብቻ መቀየር እንደማይበቃ ተናገረ። ለአራቱ ወራጆች የበሰበሰው ተቆርጦ ጎን ለጎን አዲስ እንጨት እንዲጣመር፣ ጤነኛው ላይም አንድ ሜትር እንዲደራረብ ወሰነ። በማሸጊያው ፋንታ አንድ ጠርዙ ግድግዳው ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የሚገባ፣ ሌላው ቆርቆሮው ላይ የሚተኛ የታጠፈ ላሜራ እንዲሠራ አደረገ። የእንጨቱ፣ የቆርቆሮውና የእጅ ዋጋው ተጽፎ ለሻጩ ቀረበ። ሻጩ መሰላሉ ላይ ራሱ ወጥቶ ካየ በኋላ ከቤቱ ዋጋ ላይ ቀነሰው።

ያልታየ ወገን ነበር። የሳሎኑ ኮርኒስ በማዳበሪያ ከረጢት ተወጥሮ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ዙሪያውን በሚስማር የተመታ ስለሆነ ሻጩ እንዲቀደድ አልፈቀደም። ዘመዴ ለዚያ ወገን ሁለት ወራጅ መጠባበቂያ አስቦ ገዛ። መጋቢት ላይ ከረጢቱ ሲወርድ አንድ ወራጅ በነቀዝ ተበልቶ ተገኘ። ሌላው ደህና ነበር።